ማፕ የሚሰራ ሮቦት ልትገዙ ነው? መጀመሪያ የሞተሩን ሽቦ ቁጠሩ

«ላይዳር አለው፣ ስላም ይሰራል፣ ክፍሉን ራሱ ማፕ ያደርጋል» እየተባለ የሚሸጥ ባለ ጎማ ሮቦት አለ። ላይዳር በሌዘር ርቀት የሚለካው መሳሪያ ነው፤ ስላም ደግሞ ሮቦቱ እየሄደ ማፕ የሚሰራበትና ያለበትን ቦታ የሚያውቅበት ዘዴ ነው። በተለይ የመመረቂያ ፕሮጀክት የደረሰባችሁ ልጆች፣ እኔ ተሸውጃለሁና እናንተ ተጠንቀቁ።

ሻጩ ሱቁ ውስጥ አስነስቶ አሳየኝ። ላይዳሩ ይሽከረከራል፣ ስክሪኑ ላይ የግድግዳው መስመር ጥርት ብሎ ይወጣል። ሮቦቱ ግን ከቆመበት አልተነቃነቀም። ይህ የታወሰኝ ከከፈልኩ በኋላ ነው። ቆሞ የሚለካ ላይዳር መቼም ያማረ ስዕል ያወጣል፤ ጉዱ የሚታየው ሲንቀሳቀስ ነው።

ቤት ወስጄ ሳሎን ውስጥ ቀስ እያልኩ ነዳሁት። ቀጥ ብሎ ሲሄድ ደህና ነበር። ምንጣፉ ላይ ሲዞር ግን ግድግዳው ሁለት ሆነ፣ አንዱ በር ማፑ ላይ ሁለት ቦታ ታየ። ላይዳሩን ጠርጥሬ በሜትር አመሳከርኩት፤ ርቀቱ ልክ ነው። ገልብጬ ከስር ሳየው ነገሩ ገባኝ። ቢጫዎቹ ሞተሮች ላይ የገባው ሽቦ ሁለት ሁለት ብቻ ነው። የጎማውን ዙር የሚቆጥረው ኢንኮደር የላቸውም ማለት ነው። ኢንኮደር ያለው ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ሽቦ አለው፤ ሁለቱ ለሞተሩ፣ አራቱ ለኢንኮደሩ።

ስለዚህ ሮቦቱ የሄደውን አይለካም፤ የታዘዘውን እንደሄደ አድርጎ ይመዘግባል። ሞተሩ ምንጣፍ ላይ ከብዶት ሮቦቱ 60 ዲግሪ ብቻ ቢዞር እንኳ እሱ 90 ዞሬያለሁ ይላል። ማፑን የሚሰራው ፕሮግራም slam_toolbox ትንሽ ስህተት ከላይዳሩ ጋር እያስተያየ ያርማል፣ ይህን ያህሉን ግን አይችልም። በላይዳር ብቻ የሚሰሩ ፕሮግራሞችም አሉ። እነሱ ደግሞ ረጅም ኮሪደር ውስጥ ይደናገራሉ፤ ግራና ቀኙ ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ስለሆነ ወደፊት ይሂዱ አይሂዱ አይለዩም።

ሮቦቱ ምን ያህል እንደሄደ የሚናገርበትን /odom ሱቅ ውስጥ እንዲህ አስከፍቱ፦

```
ros2 topic echo /odom
```

ሞተሩ ሳይሰራ ሮቦቱን በእጃችሁ አንድ ሜትር ወደፊት ግፉት። ከዜሮ የተነሳው x ወደ 1 ካልተጠጋ ትታችሁት ውጡ።

ሌላም አለ። ሻጩ «የተቀመጠ ማፕ» ብሎ በፍላሽ የሰጠኝ ስክሪንሾት ነው። ማፕ የሚቀመጠው እንዲህ ነው፦

```
ros2 run nav2_map_server map_saver_cli -f bet
```

ሁለት ፋይል ይወጣል፤ bet.pgm ስዕሉ፣ bet.yaml ደግሞ መለኪያው። yaml ውስጥ resolution: 0.05 ካለ አንዷ ነጥብ 5 ሴንቲ ሜትር ናት። ያ ከሌለ ሮቦቱ ስዕሉ የሳሎን ይሁን የስታዲየም አያውቅም። እናም ማፑን ሰርቶ፣ አስቀምጦ፣ ሮቦቱን አጥፍቶ እንዲያስነሳው ሻጩን ጠይቁት። ከዚያ ሌላ ጥግ ላይ ያስቀምጠው፣ የተቀመጠውን ማፕ ይክፈት፣ የቆመበትን ቦታ ያመልክትለትና ወደ በሩ ይላከው።

ገንዘቤን እንዲመልስልኝ ስጠይቀው «ላይዳሩ ይሰራል አይደል እንዴ?» አለኝ። ይሰራል።