ግድግዳው ሲሰፋ መደርደሪያውም ይስፋ፦ ፍሪካድ፣ ፊውዥን ወይስ ሬቪት?

ፍሪካድ፣ ፊውዥንና ሬቪት ሦስቱም የንድፍ ሶፍትዌሮች ናቸው፤ ልኬትን ስም ሰጥተው በቀመር ያስተሳስራሉ። ማስታወቂያቸውን ብቻ ላነበበ ሰው አንድ ናቸው። ልዩነቱ የሚወጣው "ግድግዳው ለሶፍትዌሩ ምኑ ነው?" ብላችሁ ስትጠይቁ ነው። በፍሪካድና በፊውዥን አንድ ዕቃ ስትሠሩ ግድግዳው እናንተ የምትጽፉት ቁጥር ነው። (ፍሪካድ የሕንፃ ግድግዳ መሥሪያም አለው፤ እዚህ የማወራው ስለ ዕቃ አሠራሩ ነው።) በሬቪት ግን ግድግዳው ሞዴሉ ውስጥ የቆመ፣ የራሱ ውፍረትና ርዝመት ያለው አካል ነው። መደርደሪያ የሚሠራ ሰውና መስኮት የሚገጥም ሰው አንድ ሶፍትዌር ላይ የማይስማሙትም ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ቀመሩን እንሥራ፤ ለሦስቱም አንድ ነው። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ 2400 ሚሊሜትር ቦታ አለን እንበል። በግራና በቀኝ 20፣ 20 ሚሊሜትር ክፍተት እንተዋለን። ግድግዳ ቀጥ ብሎ አያውቅማ! ጣውላው 18 ሚሊሜትር ውፍረት አለው። አግዳሚው እንዳይጎብጥ የአንዱ ክፍል የውስጥ ስፋት ከ600 ሚሊሜትር እንዳይበልጥ እንፈልጋለን።

```
Outer = WallW - 2 * Gap
Bays  = ceil((Outer - Thk) / (BayMax + Thk))
Bay   = (Outer - (Bays + 1) * Thk) / Bays
```

`WallW` ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ያለው ቦታ፣ `Gap` ክፍተቱ፣ `Thk` የጣውላው ውፍረት፣ `BayMax` ደግሞ የ600 ሚሊሜትሩ ገደብ ነው። `Outer` የመደርደሪያው ጠቅላላ ስፋት ነው፤ 2360 ይመጣል። `Bays` የክፍሎቹ ብዛት ነው። ስሌቱ 3.79 ይሰጣል፣ `ceil` ወደ ላይ አጠጋግቶ 4 ያደርገዋል። ቋሚ ጣውላዎቹ ከክፍሎቹ በአንድ ስለሚበልጡ 5 ናቸው። የአንዱ ክፍል የውስጥ ስፋት 567.5 ሚሊሜትር ይሆናል።

ብዙ ሰው ሁለተኛውን መስመር ያሳጥረውና `ceil(Outer / BayMax)` ብሎ ያልፋል። 2400 ላይ ይህም 4 ስለሚሰጥ ስህተቱ ይደበቃል። ግድግዳውን 2500 አድርጉት። ትክክለኛው ቀመር አሁንም 4 ክፍል ነው የሚለው፣ እያንዳንዱም 592.5 ሚሊሜትር ነው። ያጠረው ግን የጣውላውን ውፍረት ስለረሳ 5 ይላል። አንድ ቋሚ ጣውላ በከንቱ ተቆረጠ ማለት ነው። ቀመርን በአንድ ልኬት ብቻ ፈትኖ መተው አያዋጣም።

አሁን ደግሞ 2550 በሉት። ክፍሎቹ 5 ይሆኑና ስፋታቸው ወደ 480.4 ዝቅ ይላል። ግድግዳው የሰፋው 50 ሚሊሜትር ብቻ ሆኖ እያለ እያንዳንዱ ክፍል በ112 ሚሊሜትር ጠበበ። ይህ ስህተት አይደለም፤ ቁጥሩ ገደቡን ሲያልፍ የሚመጣ ዝላይ ነው። ሶፍትዌሮቹ የሚለያዩትም እዚህ ዝላይ ላይ ነው።

ፍሪካድ ነፃ ነው፣ በዊንዶውስም በማክም በሊኑክስም ይሠራል። ልኬቶቹን በራሱ ስፕሬድሺት ውስጥ ታስቀምጡና ለየሴሉ ቅጽል ስም ትሰጣላችሁ። ከዚያ ንድፉ ላይ ቁጥር መጻፊያው ጋ `=` ስትጫኑ ቀመር መጻፊያ ይከፈታል፣ `Spreadsheet.Outer` ብላችሁ ታገናኛላችሁ። ስም ስትመርጡ ግን ተጠንቀቁ። `W1` ብትሉት አይቀበልም፤ ለእሱ የሴል አድራሻ ነውና። አሃድ የሌለው ቁጥርም ከርዝመት ጋር አይደምርም። `WallW + 5` ብትሉት ስህተት ይላል፣ `5 mm` ማለት አለባችሁ። መጀመሪያ ያናድዳል፣ በኋላ ግን ብዙ ጥፋት ያድናል።

እኔ ፍሪካድን የምወድበት ምክንያት ሌላ ነው። ቀመሮቹ ሁሉ አንድ ሠንጠረዥ ላይ ተዘርግተው ይታያሉ፣ ከስድስት ወር በኋላ ፋይሉን የከፈተ ሰው አይደናበርም። ድክመቱ ዝላዩ ላይ ይወጣል። አምስተኛው ቋሚ ጣውላ ላይ ጎድጎድ ቆርጣችሁ ከሆነና ጣውላዎቹ ወደ አራት ከወረዱ፣ ጎድጎዱ የተያዘበት ገጽ ይጠፋል። ያኔ ሞዴሉን በሚዘረዝረው ዛፍ ላይ ቀይ ምልክት ታያላችሁ። በ2024 የወጣው 1.0 እትም ገጾችን የመለየት ችግሩን በብዙ አቃሎታል፤ የሌለ ጣውላን ግን ማንም ሊያገኘው አይችልም። ጎድጎዱን መጀመሪያ የመጀመሪያው ጣውላ ላይ ቆርጦ፣ ከዚያ ጣውላውን ከነጎድጎዱ ማባዛት ይሻላል።

ፊውዥን ላይ `Change Parameters` የሚል መስኮት አለ፣ ሦስቱ መስመሮች እዚያው ይገባሉ። ማስታወስ ያለባችሁ `Bays` ብዛት እንጂ ርዝመት አለመሆኑን ነው። ስትፈጥሩት አሃዱን `No Units` አድርጉ፣ አለዚያ ተከታዩ ስሌት ይበላሻል። ጣውላውን ስታባዙ `Extent` የሚለውን መርጣችሁ ርቀቱን `Outer - Thk`፣ ብዛቱን `Bays + 1` ትሉታላችሁ። እንዲህ ከሆነ የመጨረሻው ጣውላ ሁልጊዜ ጫፉ ላይ ይቆማል። የሆነ ነገር ሲሰበር ከታች ያለው የሥራ ቅደም ተከተል መስመር ላይ ቢጫ ወይም ቀይ ይበራል፣ የት እንደተበላሸ ለማግኘት ከሦስቱ በጣም ቀላሉ ይህ ነው። ሲኤንሲ ማሽን ላላችሁም የመቁረጫ መንገዱ እዚያው ይዘጋጃል። ለግል የሚሰጠው ነፃ ፈቃድ ግን ለንግድ ሥራ በነፃነት የምትጠቀሙበት አይደለም፣ በአንድ ጊዜ ማስተካከል የምትችሉትንም ፋይል በ10 ይገድባል።

ሬቪት የሚከፈልበትና በዊንዶውስ ብቻ የሚሠራ ነው። መስኮት ላይ ግን የሚወዳደረው የለም። መስኮቱ ግድግዳው ላይ ሲቀመጥ ቀዳዳውን ራሱ ይከፍታል። ባለ 150 ሚሊሜትሩን ግድግዳ ወደ 200 ብትቀይሩ፣ በደንብ የተሠራ መስኮት የክፈፉን ጥልቀት ያስተካክላል። የግድግዳውን ውፍረት የሚያነብ `Reporting Parameter` የሚባል ነገር ስላለው ያንን ቀመር ውስጥ ማስገባት ይቻላል።

ብዙ ገዢ የሚሳሳተው ከዚህ ቀጥሎ ነው። መስኮቱ የግድግዳውን ውፍረት ያውቃል እንጂ ርዝመቱን አያውቅም። "መስኮቱ የግድግዳውን 40 በመቶ ይያዝ" የሚል ቀመር መስኮቱ ውስጥ ብቻ ተጽፎ አይሠራም። ወይ ቁጥሩን በእጅ ታስገባላችሁ፣ ወይ ዳይናሞ በሚባለው የሬቪት ፕሮግራም መሥሪያ ስክሪፕት ታዘጋጃላችሁ። መደርደሪያ ላይ መላ አለው። `WallW`ን ለእያንዳንዱ ዕቃ የሚለይ ልኬት ታደርጉና ጫፎቹን ከግድግዳዎቹ ጋር አስተካክላችሁ ትቆልፋላችሁ። ግድግዳው ሲንቀሳቀስ መደርደሪያው ይከተላል። `WallW` ራሱ በቀመር የሚሰላ ከሆነ ግን የሚጎተት ጫፍ አይኖረውም፤ ቀመሩ ከ`Outer` ይጀምር። `ceil` ደግሞ እዚህ `roundup` ነው የሚባለው።

እንግዲህ አናጢ ከሆናችሁና መደርደሪያና ቁም ሣጥን ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ሬቪትን መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። በፍሪካድ ጀምሩ፣ ማሽን ካላችሁና ወጪው ካልከበዳችሁ ፊውዥን። በርና መስኮት ለአርክቴክቶች የምታቀርቡ ከሆነ ደግሞ ደንበኛችሁ የሚጠይቀው የሬቪት ፋይል ነው፣ ምርጫው ያኔ የእናንተ መሆኑ ይቀራል። ከመክፈላችሁ በፊት በሙከራው ጊዜ ይህንኑ መደርደሪያ ሠርታችሁ 2400፣ 2500፣ 2550 በሉት፣ ከዚያ ወደ 2400 መልሱት። ብዙ ሞዴል ሲሰፋ ደህና ሆኖ ሲመለስ ነው የሚሰበረው።