ለሁለተኛው ገምጋሚ መልስ ስንጽፍ የደረሰችልን የስታቲስቲክስ ባለሙያ

ሰላም ለሁላችሁ። አንዲት ባለሙያ ማመስገን ስላለብኝ ነው የምጽፈው። ጽሁፉን ለጆርናል ልኮ የገምጋሚ አስተያየት ታቅፎ የተቀመጠ ካለም ይጠቅመዋል።

ጥናታችን ስለ ድባቴ ነው። 80 ሰው በዕጣ ለሁለት ከፈልን። ግማሾቹ ከአራት ቴራፒስቶች ጋር ለስምንት ሳምንት የንግግር ሕክምና ተከታተሉ፣ ግማሾቹ የተለመደውን ክትትል ቀጠሉ። ለውጡን የለካነው በፒኤችኪው-9 የድባቴ መጠይቅ ነው፤ ዘጠኝ ጥያቄ፣ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3፣ ድምሩ እስከ 27፣ ከፍ ሲል ድባቴው ብሷል ማለት ነው። መጀመሪያ፣ በ4ኛውና በ8ኛው ሳምንት ጠየቅናቸው።

አስተያየቱ ሲመጣ ሁለተኛው ገምጋሚ ዘዴያችንን አብጠርጥሮታል። እኔም በዚያው ማታ በንዴት አራት ገጽ ጻፍኩ። (ከዚያ በፊት ለሌላ ሰው ከፍለን ነበር። የላከልን ሠንጠረዥ ብቻ ነው፤ ለምን እንደዚያ እንደተሠራ ስንጠይቀው ስልኩን አያነሳም።)

የስታቲስቲክስ ባለሙያዋ ደብዳቤዬን አንብባ «ገምጋሚው ያልተረዱት ነገር ቢኖር» የሚለውን የመጀመሪያ መስመር ሰረዘችው። «ካልገባቸው እኛ ነን ያላብራራነው» አለችኝ። ከዚያ የገምጋሚውን አስተያየት አንድም ቃል ሳታስቀር ገለበጠች፣ ከየአስተያየቱ ሥር መልሱን፣ ከመልሱ ሥር ደግሞ የተቀየረውን ዓረፍተ ነገር ከነገጹና ከነመስመሩ አስቀመጠች።

ትልቁ ክርክር ስላቋረጡት ሰዎች ነበር። ገምጋሚው «የመጨረሻ ውጤታቸውን እስከ 8ኛው ሳምንት ይዛችሁ ሂዱ፣ ጥንቃቄ የተሞላበት እሱ ነው» ብሏል። እኔ እሺ ልል ነበር። እሷ ግን መጀመሪያ የጠየቀችኝ ከየትኛው ቡድን ስንት ሰው እንዳቋረጠ ነው። ከሕክምናው 6፣ ከማነጻጸሪያው 11፤ ብዙዎቹም ገና በመጀመሪያው ወር። «እንግዲህ አስበው» አለችኝ። «መጀመሪያ 17 አምጥቶ የጠፋውን ሰው 8ኛው ሳምንት ላይም 17 ነው ልንለው ነው። ድባቴ ግን ሳይታከምም ከጊዜ ጋር ቀለል የሚልላቸው አሉ፤ የቀሩት የማነጻጸሪያው ሰዎችም ውጤታቸው ወርዷል።» ማለትም የተጠየቅነው ስሌት ማነጻጸሪያውን ካለበት በላይ የታመመ አስመስሎ ሕክምናችንን የሚያሳምር ነበር።

ደብዳቤው ላይ እንዲህ ጻፈች፦ «የተጠየቀውን ስሌት ሠርተን በተጨማሪ ሰነዱ አስቀምጠናል። ውጤቱ ለሕክምናው የበለጠ ያደላል፤ ዋና ውጤታችን ያላደረግነውም በዚሁ ምክንያት ነው።» ቀጥላ የመረጥነው ሚክስድ ሞዴል ከእያንዳንዱ ሰው የተገኘውን ልኬት ሁሉ እንደሚጠቀም አስረዳች፣ ይህም መረጃው ከመሰብሰቡ በፊት በፕሮቶኮላችን የተመዘገበ መሆኑን ከነቀኑ ጠቀሰች።

እዚያ ላይም አላቆመችም። ሞዴሉ «የቀሩት ለምን እንደቀሩ ከቀድሞ ውጤታቸው ይገመታል» ብሎ ነው የሚነሳው፤ ይህንን ደግሞ ማንም ፈትሾ ሊያረጋግጥ አይችልም። ስለዚህ ከሕክምናው ያቋረጡት ሞዴሉ ከገመተው በ1፣ በ2፣ በ3 ነጥብ ብሰው ቢሆንስ እያለች ድምዳሜያችን እስኪገለበጥ ድረስ ገፋችው። የተገለበጠው ከ6 ነጥብ በኋላ ነው። በዚህ መለኪያ 5 ነጥብ ራሱ ትርጉም ያለው ለውጥ ተብሎ ስለሚወሰድ፣ አንባቢው ራሱ ይፍረድ ብላ ተወችው።

ሁለተኛው ነጥብ ላይ ግን ገምጋሚው ልክ ነበር፤ እሷም ፊት ለፊት ነገረችኝ። አንድ ቴራፒስት ያያቸው አሥር ሰዎች እርስ በርስ ይመሳሰላሉ፤ እኛ ግን እንደማይተዋወቁ አድርገን ቆጥረናቸዋል። መመሳሰሉ 0.05 ቢሆን 1+(10−1)×0.05 = 1.45 ይመጣል፤ 40 ታካሚ እንደ 28 ያህል ብቻ ያገለግላል ማለት ነው። ይህ የሚነካው ደግሞ ሕክምናውን ያገኘውን ቡድን ብቻ ነው፤ ማነጻጸሪያው ቴራፒስት የለውም። በአራት ቴራፒስት መመሳሰሉን በትክክል መገመት ስለማይቻል በ0.01፣ በ0.05 እና በ0.10 አሰላችው። በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ ሰፋ እንጂ ዜሮን አልነካም፤ በ0.10 ነካ። ይሄን እንተወው ብዬ ለመንኳት፤ እምቢ አለች። አብስትራክቱ ላይ ሳይቀር ገባ፣ «ውጤታማ ነው» የሚለውም «ተስፋ ሰጪ ነው» ተባለ።

ጽሁፉ ተቀባይነት አገኘ። ሁለተኛው ገምጋሚ በሁለተኛው ዙር የጻፈው አንድ መስመር ነው፤ ሌላ ጥያቄ የለኝም የሚል።

ክፍያዋ በሰዓት ነው፣ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ አስቀድማ ትነግራችኋለች። ጽሁፉን ራሱን ጻፊልኝ ብትሏት አትቀበልም፤ ፕሮቶኮልና የተለዋዋጮች ማብራሪያ ሳትይዙ ብትሄዱም ትመልሳችኋለች። እሁድ ስልኳ ዝግ ነው፣ መልእክት ላይም ትንሽ ትዘገያለች። ስሟን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለጠየቀችኝ የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ የገምጋሚዎቹ ቀነ ገደብ መቼ እንደሆነ ጨምሩበት፣ መጀመሪያ የምትጠይቀው እሱን ነው።