«ኦፍላይን ጌም እንጭናለን» ለሚሉ ቤቶች ከመክፈላችሁ በፊት

ይህን ማስጠንቀቂያ የምጽፈው፣ በብዙ ሞባይል ቤቶች በር ላይ ተለጥፎ ስለሚታየውና ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩ ጌሞችን በጥቅል ስለሚሸጠው አገልግሎት ነው። ፈላጊው ብዙ መሆኑ አያስገርምም። መብራት ሲጠፋ የቤቱ ዋይፋይ አብሮ ይጠፋል፤ መብራቱ ሳይመጣ ሲቆይም የአካባቢው የኔትወርክ ማማ ባትሪው ስለሚያልቅ ዳታውም ይከተላል። ወደ ክፍለ ሀገር የሚሄድ ተጓዥም ቢሆን መንገድ ላይ ኔትወርክ የማይገባባቸው ሰዓታት እንደሚኖሩ ያውቃል። በዚህ ላይ የሚከፈልባቸው ጌሞች ዋጋ በፕሌይ ስቶር በውጭ ምንዛሪ ስለሚጠየቅ ለአብዛኞቻችን አይመችም፤ ነፃ የሆኑትን ለማውረድም ዳታ ያስፈልጋል። በመሆኑም በጥቂት መቶ ብር በርካታ ጌም ጭኖ የሚሰጥ ቤት ሲገኝ ሰው ቢገባ አይፈረድበትም። ችግሩ የሚጀምረው የተከፈለበት ነገር በትክክል ምን እንደሆነ ሲመረመር ነው።

የእህቴ ልጅ ወደ ደሴ ከመሄዷ በፊት 300 ብር ከፍላ «40 ምርጥ ኦፍላይን ጌም» የተባለውን ጥቅል አስጭና ነበር። ስልኩ የእናቷ ነው። መንገድ ላይ ስትከፍታቸው ከፊሎቹ አልከፈት አሏት፣ ከፊሎቹ ኢንተርኔት ጠየቋት፣ የሚሠሩትም ቢሆኑ ቀድሞውኑ በነፃ የሚገኙ ትንንሽ ጌሞች ነበሩ። ስትመለስ ስልኩን ተቀብዬ አንድ በአንድ ተመለከትኩት፤ ያገኘሁት ነገር በአንድ ቤት ብቻ የሚሠራ ስላልመሰለኝ በዝርዝር ላስረዳ።

ጥቅሉን እንድትገዛ ያደረጋት «GTA San Andreas» የተባለው ጌም ነበር። ምልክቱ በስልኩ ገጽ ላይ ይታያል፤ ሲነካ ግን «Download failed because you may not have purchased this app» የሚል መልእክት ያወጣና ይቆማል። ምክንያቱ ቀላል ነው። እንዲህ ያሉ ትልልቅ ጌሞች ሁለት ክፍል አላቸው፤ አንደኛው ፕሮግራሙ ራሱ ያለበት ኤፒኬ የሚባለው ትንሽ ፋይል ሲሆን፣ ሁለተኛው ካርታውን፣ ምስሉንና ድምፁን የያዘው ከ2 ጊጋባይት የማያንስ ዳታ ነው። ይህ ዳታ `Android/obb/com.rockstargames.gtasa` በተባለው ፎልደር ውስጥ መቀመጥ ይኖርበታል። በዚህ ስልክ ላይ ፎልደሩ ጭራሽ አልነበረም። ጫኙ ኤፒኬውን ብቻ ከስልክ ወደ ስልክ አሳልፎ ዳታውን ትቶታል። ከአንድሮይድ 11 ጀምሮ ይህን ፎልደር በተራ የፋይል መክፈቻ መንካት አስቸጋሪ ስለሆነ፣ ወረፋ የበዛበት ሠራተኛ ዘሎት ቢያልፍ አይደንቅም። ቤቱ ግን ለደንበኛው የሚያሳየው ጌሙ በራሱ ስልክ ላይ አምሮ ሲሠራ ነው፤ ስለዚህ ገዢው የተጫነለትም ያው ይመስለዋል።

ዳታ የሌላቸው ትንንሽ ጌሞችም ቢሆኑ በመቅዳት ብቻ ላይሠሩ የሚችሉበት ምክንያት አለ። እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2021 ወዲህ በፕሌይ ስቶር የሚወጡ አዳዲስ መተግበሪያዎች እንደ ቀድሞው በአንድ ኤፒኬ አይመጡም፤ ፕሌይ ስቶር ለእያንዳንዱ ስልክ ዓይነት የሚስማሙትን ቁርጥራጮች መርጦ ይልካል። ዋናውን ፋይል ብቻ ከአንዱ ስልክ ገልብጦ በሌላው ላይ የሚጭን ሰው፣ ወይ መጫኑ ይከለከላል፣ ወይ ጌሙ ተከፍቶ ወዲያው ይዘጋል። «ስልክሽ አይችለውም» የሚለው የተለመደ የሻጭ መልስ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ነው እንጂ ከስልኩ አቅም አይደለም።

ይህ ሁሉ ገንዘብ ማባከን ነው ተብሎ ሊታለፍ ይችል ነበር። ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ ግን በስልኩ ላይ የማናውቀው ሰው የጉግል አካውንት ማግኘቴ ነው። አንዳንድ ቤቶች የሚከፈልባቸውን ጌሞች አንድ ጊዜ በራሳቸው አካውንት ይገዙና፣ የደንበኛውን ስልክ በዚያው አካውንት ከፍተው ያወርዱለታል። ጌሞቹ በዚህ መንገድ ሲጫኑ የተሟሉ ስለሚሆኑ ደንበኛው ደስ ብሎት ይሄዳል። ይሁን እንጂ አካውንቱ በስልኩ ውስጥ እስካለ ድረስ፣ ከዚያ ወዲህ የሚመዘገቡ ስልክ ቁጥሮች ወደ ቤቱ አካውንት ሊሄዱና ሌላ ሰው ሊያያቸው ይችላል። አካውንቱ ሲወጣ ደግሞ ፈቃዳቸውን ከፕሌይ ስቶር የሚያረጋግጡ ጌሞች መክፈት ያቆማሉ።

ከዚህም የባሰው ስልኩ የራሱ ባለቤት አካውንት ያልነበረው ሲሆን ነው፤ የወላጆቻችን ስልክ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው። አንድሮይድ ስልክ ከተሰረቀ ሌባው ሰርዞ እንዳይጠቀምበት የተሠራ መከላከያ አለው፤ ስልኩ በቁልፎቹ ተይዞ ከውጭ ሙሉ በሙሉ ከተሰረዘ፣ ሲነሣ ቀድሞ የነበረውን የስክሪን መክፈቻ ወይም የጉግል አካውንት ይጠይቃል። እናት የመክፈቻ ቁጥሯን ረስታ ስልኩን በዚህ መንገድ ብታሰርዝ፣ የሚጠየቀው የሞባይል ቤቱ ፓስወርድ ነው ማለት ነው። ቤቱ ቢዘጋ ወይም «አናስታውስም» ቢል፣ ስልኩ በእጇ እያለ ተቆልፎ ይቀራል።

በጥቅሉ ውስጥ ሦስተኛ ዓይነት ጌሞችም ነበሩ፤ «ገንዘቡ የማያልቅ» ወይም «ሁሉም የተከፈተ» እየተባሉ የሚወደሱት የተሻሻሉ ቅጂዎች ናቸው። እነዚህን ከዋናው ሠሪ ውጪ የሆነ ሰው ፈትቶ መልሶ የገጣጠማቸው ስለሆነ ምን እንደተጨመረባቸው ከውጭ ማወቅ አይቻልም። ከመኪና እሽቅድምድም ጌሞቹ አንዱ አጭር መልእክት የማንበብ ፈቃድ ተሰጥቶት አገኘሁት። የባንክና የቴሌብር ማረጋገጫ ቁጥር በአጭር መልእክት በሚመጣበት አገር፣ መኪና የሚነዳበት ጌም መልእክታችንን የሚያነብበት አንዳች ምክንያት የለውም። ማይክሮፎን፣ የስልክ ማውጫ፣ በተለይም ደግሞ «Accessibility» የተባለውን ፈቃድ የሚጠይቅ ጌም ካጋጠማችሁ ሳትከራከሩ አጥፉት፤ ይህ የመጨረሻው ፈቃድ በስክሪኑ ላይ የሚታየውን ለማንበብና በእናንተ ፈንታ ለመንካት ያስችላል። በእኛ ስልክ ላይ የፕሌይ ስቶር የደኅንነት ፍተሻ ሆን ተብሎ ተዘግቶ ነበር። ጫኙ የዘጋው እነዚህን ጌሞች ስለሚከለክልበት እንደሆነ መገመት አያስቸግርም።

ይህን ሁሉ አውቆም መክፈል የሚፈልግ ሰው ካለ፣ ገንዘቡን ከመስጠቱ በፊት እዚያው ቤት ቆሞ ይሞክር። በመጀመሪያ ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ ያድርግ፤ በዚህ ሁኔታም ዋይፋይ በርቶ ሊቆይ ስለሚችል እሱንም ለይቶ ያጥፋ። ቀጥሎ ስልኩን አጥፍቶ ያብራ። ይህ ደረጃ የሚዘለል አይደለም፤ ምክንያቱም ትንሽ ቀደም ብሎ በቤቱ ዋይፋይ የተከፈተ ጌም ባይዘጋ በማስታወሻው ውስጥ ስለሚቆይ፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ይመስላል። ከዚያም ጌሙን ከፍቶ ከመጀመሪያው ደረጃ አልፎ ሁለተኛውን ይጀምር፤ አንዳንዶቹ የመጀመሪያውን ብቻ ይዘው መጥተው ቀሪውን ኋላ ያወርዳሉና። ትልቅ ነው የተባለ ጌም በሴቲንግ ውስጥ ሲታይ የያዘው ቦታ ጥቂት አሥር ሜጋባይት ብቻ ከሆነ ዳታው እንዳልተጫነ በዚሁ ይታወቃል። በመጨረሻም በሴቲንግ ውስጥ አካውንቶች የሚለውን ገጽ ከፍቶ ከራሱ ሌላ የማንም አድራሻ አለመኖሩን ይመልከት። ሻጩ ይህን ለማስሞከር ጊዜ የለኝም ካለ፣ መልሱን ሰጥቷል።

እኔ ግን መክፈሉን አልመክርም። «ኦፍላይን» የሚለውን ቃል ፕሌይ ስቶር ላይ በስሙ የለጠፈ ጌም ሁሉ እውነተኛ ባይሆንም፣ ቃሉን የሚያከብሩና ገንዘብም ማስታወቂያም የማይጠይቁ አሉ። አንዱ የሳይመን ታተም የእንቆቅልሽ ስብስብ ሲሆን፣ በፕሌይ ስቶር «Simon Tatham's Puzzles» ተብሎ ይገኛል፤ ሱዶኩን የመሰሉ ወደ 40 የሚጠጉ የአእምሮ ጨዋታዎችን በጥቂት ሜጋባይት ይይዛል፤ ማለትም በዳታ ቢወርድ እንኳ ኪስ አይጎዳም። ሌላው «Shattered Pixel Dungeon» ነው። በዋሻ ውስጥ እየወረዱ ከጭራቆች ጋር የሚዋጉበት ሲሆን፣ ጨዋታው በተራ የሚካሄድ ስለሆነ ተጫዋቹ እስኪነካ ድረስ ምንም አይንቀሳቀስም። አውቶቡሱ ጉድጓድ ውስጥ ቢገባ ወይም ረዳቱ ሒሳብ ቢጠይቅ የሚጠፋ ነገር የለም፤ ሲዘጋም ያለበትን ቦታ ራሱ ያስቀምጣል። ጽሑፉ በአማርኛ አለመሆኑ ለሕፃናት ያስቸግራል። የሁለቱም ምስል ቀላል በመሆኑ ባትሪውን እንደ መኪና ጌም አይጨርሱትም፤ መብራት በሌለበት ምሽት ይህ ከምስሉ ውበት ይበልጣል። የትኛውንም ብትመርጡ ዋይፋይ ባለበት አውርዳችሁ፣ ያለ ኢንተርኔት መሞከሩን ቤታችሁ ጨርሳችሁ ውጡ።

ቀድማችሁ ያስጫናችሁ ካላችሁ የማስተካከያው ቅደም ተከተል ያስፈልጋችኋል። የራሳችሁን የጉግል አካውንት በስልኩ ላይ ቀድማችሁ አስገቡ፤ ከዚያ በኋላ ስልክ ቁጥሮቻችሁ በየትኛው አካውንት ሥር እንደተመዘገቡ አይታችሁ በሌላው ሥር ያሉትን ወደ ራሳችሁ አዛውሩ። ይህን ሳታደርጉ የቤቱን አካውንት ብታስወጡት ቁጥሮቹም አብረውት ከስልኩ ይወጣሉ። ቁጥሮቹ መዛወራቸውን ካረጋገጣችሁ በኋላ አካውንቱን አስወጡ፣ በፕሌይ ስቶር ያልመጡትን ጌሞች አጥፉ፣ የደኅንነት ፍተሻውንም መልሳችሁ አብሩ። አጭር መልእክት የማንበብ ፈቃድ የነበረው ጌም ካገኛችሁ ደግሞ የቴሌብርና የባንክ መተግበሪያችሁን የሚስጥር ቁጥር ቀይሩ፤ ቁጥሩን የምትቀይሩት ግን ጌሙን ካጠፋችሁ በኋላ ይሁን።