እኔና ባሌን ከገንዘብ ጭቅጭቅ ለገላገለችን አማካሪ ምስጋና (ረዘም ይላል ታገሱኝ)

ይሄን ነገር ልጽፍ ካሰብኩ ቆየሁ፣ ግን ባሌ "የራስሽን ጉድ ካልጨመርሽበት እንዳትጽፊ" ስላለኝ ነው እስካሁን የዘገየሁት። እሺ እጨምራለሁ። ምስጋናው ለአንዲት የገንዘብ አማካሪ ነው፣ በስም እንዳልጠራት ራሷ ስለለመነችኝ አልጠራትም፣ የሰራችልንን ግን ዘርዝሬ ልንገራችሁ።

እኛ ቤት ነገሩ እንዲህ ነበር። እኔ ያለንን ሁሉ ሼር ላይ እናድርገው ባይ፣ እሱ ደግሞ ከባንክ ንክች እንዳይል ባይ። ሶስት ዓመት ተጨቃጨቅንና በመጨረሻ የየራሳችንን አካውንት ይዘን በየፊናችን ሄድን፣ የኔ ሙሉ በሙሉ ኢንዴክስ ፈንድ፣ ያው የብዙ ድርጅቶችን ሼር ባንዴ የሚገዛው፣ የሱ ሙሉ በሙሉ ዲፖዚት። ሰላም የወረደ መስሎን ነበር እኮ፣ ትልቅ ወጪ ሲመጣ ግን ከማን አካውንት ይውጣ የሚለው ራሱ አዲስ ጸብ ሆነና አረፈው።

ከሷ በፊት ሌላ አማካሪ ጋ ሄደን ነበር። ሁለታችንን ጎን ለጎን አስቀምጦ መጠይቅ አስሞላን፣ ከገንዘባችን ስንቱ ሼር ላይ ይሁን ለሚለው እኔ 90 በመቶ ወጣልኝ እሱ 20 በመቶ፣ ደምሮ ለሁለት አካፈለና "55 በመቶ፣ በቃ ተስማምታችኋል" አለን። ጎን ለጎን ስንሞላ ደግሞ እሱ የኔን መልስ እያየ ደፋር ሊመስል ሲሞክር ነበር፣ እኔም እሱን ላስቀና ጨመር ጨመር ሳደርግ። ከዛ ማርኬቱ ትንሽ ወረድ ባለ ጊዜ ባሌ እንቅልፍ አጣ፣ ከፍ ባለ ጊዜ ደግሞ እኔ "ያ ሁሉ ዲፖዚት ውስጥ ተኝቶ" እያልኩ ነደድኩ። አማካይ ላይ የቆመው ፕላን የማናችንም አልነበረም። ለፍትህ ያህል ግን፣ በ1952 የፖርትፎሊዮን ቲዎሪ፣ ማለትም ገንዘብን በተለያየ ቦታ የማከፋፈልን ስሌት፣ የጻፈውና በ1990 ኖቤል የተሸለመው ሃሪ ማርኮዊትዝ ራሱ የጡረታ ገንዘቡን ግማሽ ሼር ግማሽ ቦንድ እንዳደረገው ተናግሯል፣ ምክንያቱም ሼር ቢወጣም ቢወድቅም እንዳይቆጨው ነው። ልዩነቱ እሱ ያሰላው የአንድ ሰው ቁጭት ነው፣ የራሱን። እኛ ጋ ሁለት ቁጭት ነው ያለው፣ ሁለቱም አንድ ቤት ይኖራሉ።

ወደ ሴትየዋ ልመለስ። መጀመሪያ ያደረገችው ለየብቻ፣ በተለያየ ቀን መጥራት ነው። መጠይቅ የለም። "ኮቪድ የመጣ ጊዜ፣ በፈረንጆቹ 2020 ማርች ላይ፣ ምን አደረግሽ?" ነበር ጥያቄዋ። "ምን ታደርጊያለሽ" ሳይሆን ምን አደረግሽ። ያኔ የአሜሪካ ትልልቅ ድርጅቶች ሼር የሚለካበት ኤስ ኤንድ ፒ 500 በአምስት ሳምንት ውስጥ ሲሶውን ነው የጣለው። እኔም በኩራት "አልሸጥኩም" አልኳት። "ስቴትመንቱን አምጪው" አለችኝ። ጉዴ እዚህ ጋ ነው፣ አልሸጥኩም እውነት ነው፣ ግን በየወሩ የማስገባውን ከኤፕሪል ጀምሮ አቁሜ የጀመርኩት ኦገስት መጨረሻ ላይ ነው፣ ማርኬቱ የወደቀውን ሁሉ መልሶ ካገኘ በኋላ። በርካሽ መግዛት ስችል ቆምኩ፣ ሲወደድ ተመለስኩ። ሪስክ አልፈራም ስል የነበርኩት እኔ ነኝ እንግዲህ። ባሌ ይሄን ሲሰማ ያሳየው ደስታ... ልተወው።

ሁለተኛ ያየችው ገቢያችንን ነው። የኔ ደመወዝ ነው፣ ወር ጠብቆ ይገባል። እሱ የራሱን ስራ ነው የሚሰራው፣ አንዳንዱ ወር ጥሩ አንዳንዱ ወር ባዶ። "ያንቺ ደመወዝ እንደ ቦንድ ነው፣ የሱ ገቢ ደግሞ እንደ ሼር ነው፣ ኢኮኖሚው ሲቀዘቅዝ ሼሩም ስራውም አብረው ነው የሚወርዱት" አለችን። ስለዚህ ቤታችን ገና አንድ ሼር ሳይገዛ ሪስክ ተሸክሟል ማለት ነው። እኔ ፈሪ ነው እያልኩ የተጣላሁት ሰውዬ ለካ ደንበኛ ሲጠፋ የሚሰማውን ነው ሲነግረኝ የነበረው፣ እሱም በዚህ ቋንቋ ማስረዳት አልቻለበትም ነበር።

ሶስተኛው ነው ዋናው። በመቶኛ ማውራት ከለከለችን። ያለንን ገንዘብ በሙሉ፣ የኔንም የሱንም አካውንት ደምራ፣ በወር ወጪያችን አካፈለችው፣ 40 ወር ወጣ። ከዛ በኋላ ሁሉ ነገር በወር ነው። 20 በመቶ ጠፋ ሲባል ለሱ ቁጥር ነው፣ 8 ወር ጠፋ ሲባል ግን ሁለታችንም ስለ አንድ ነገር ነው የምናወራው። የቀድሞው 55 በመቶ በዚህ ሲሰላ 22 ወር ሼር ላይ ነበር፣ ሼር በግማሽ ቢወድቅ 11 ወር። ባሌ ለምን እንቅልፍ እንዳጣ ያኔ ገባኝ።

ቀጥላ ለሱ "ሽጡልኝ ሳትል ማየት የምትችለው ኪሳራ ስንት ወር ነው?" አለችው፣ 6 ወር አለ። ሼር በግማሽ ይወድቃል ብለን ከተነሳን 6 ወር እንድናጣ 12 ወር ብቻ ነው ሼር ላይ መሆን ያለበት። ለኔ አነሰኝ። ይሄኔ አማካይ አላወጣችም፣ ይልቅ ገንዘቡን መቼ እንደምንፈልገው ጠየቀችን። 8 ወር ለክፉ ቀን ዲፖዚት ላይ፣ የባሌ ገቢ ወጣ ገባ ስለሚል ነው 8 የሆነው፣ የሁለታችንም ደመወዝ ቢሆን 5 ይበቃችሁ ነበር ብላለች። 10 ወር ደግሞ ከሶስት ዓመት በኋላ ለምንፈልገው የቤት ቅድሚያ ክፍያ፣ ልክ በዛን ጊዜ በሚያበቃ ቦንድና ዲፖዚት። ይሄ 18 ወር ሼር ቢቃጠልም አይነካም። የቀረው 22 ወር ከ20 ዓመት በኋላ ለጡረታ ነው።

ይሄን ወረቀት ላይ ሲያይ ባሌ ራሱ "እንደዛ ከሆነማ 8 ወር ማጣት እችላለሁ" አለ። ማንም ሳይጫነው! ስለዚህ ሼር 16 ወር ሆነ፣ የቀረው 6 ወር መካከለኛ ጊዜ ቦንድ። ከ16ቱ ውስጥ 2 ወሩን እኔ እንደፈለግኩ የምጫወትበት ሰጠችኝ፣ ነጠላ ሼር ልግዛ ምን ልግዛ አይጠየቅም፣ ካለቀ ግን አይሞላም። የኔ እልህ የሚተነፍስበት ቦታ ያስፈልገው ነበርና ያቺ 2 ወር ከምንም በላይ ጠቅማናለች።

አልደበቀችንም ደግሞ። "ግማሽ የምለው ለስሌት ነው፣ መጨረሻው ግማሽ ነው ማለት አይደለም" አለች፣ ከ2007 እስከ 2009 ኤስ ኤንድ ፒ 57 በመቶ ገደማ ነው የወረደው። ለባሌ ደግሞ ዲፖዚት ነጻ እንዳልሆነ፣ የኑሮ ውድነት ሲጨምር 8 ወር ያልነው ሳይነካ 7 ወር ሊሆን እንደሚችል ነገረችው፣ ስለዚህ በየዓመቱ በአዲሱ ወጪያችን እንደገና እንድናሰላ አዘዘችን። እሱ ይሄን አላወቀም ነበር፣ ባንክ ያለ ነገር አይጎድልም ባይ ነበር።

ከዛ አንድ ገጽ ወረቀት አስፈረመችን። ሼር 40 በመቶ፣ 45 ካለፈ ይሸጣል፣ ከ35 ከወረደ ከቦንዱ እየተሸጠ ይገዛል፣ የሚታየው በየስድስት ወሩ በተወሰነ ቀን ብቻ። በፕሮግራሙ መሰረት ለመግዛት አንዳችን እንበቃለን፣ ከፕሮግራም ውጪ ለመሸጥ ግን የሁለታችንም ፊርማና 30 ቀን መጠበቅ ያስፈልጋል። እኔ ስፈርም "ይሄ ለሱ የተጻፈ ነው" ብዬ በልቤ ስቄ ነበር።

2022 መጣላችሁ። ከጃንዋሪ እስከ ኦክቶበር ሼር ሩቡን ያህል ወረደ፣ የሚገርመው ቦንድም አብሮ ወረደ፣ ወለድ ሲወደድ በዝቅተኛ ወለድ የወጣው የድሮ ቦንድ ዋጋው ስለሚወርድ። የኛ 16 ወር 12 ሆነ፣ 6ቱ ወር ቦንድ ደግሞ 5 ከምናምን፣ ያ 18 ወር እንዳለ ነው። በየወሩ የምንጨምረውን ትተን ጠቅላላው 35 ወር አካባቢ፣ ሼሩ ከዛ ውስጥ 34 በመቶ። ከ35 በታች ማለት ነው፣ በወረቀቱ መሰረት መግዛት አለብን።

ስልክ ደውዬ "ቦንዱንም በኪሳራ ሸጠን ነው እንዴ የምንገዛው፣ ትንሽ ብንጠብቅስ" ያልኩት እኔ ነኝ። አዎ እኔ። እሷ ምንም ሳትከራከር "ወረቀቱን ለባልሽ ስጪው፣ ያነበውና ይንገርሽ" አለችኝ። አነበበው፣ ኮምፒውተሩ ላይ ቁጭ አለ፣ ከቦንዱ የ2 ወር ያህል ሸጦ ኢንዴክስ ፈንዱን ገዛ፣ እጁ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ ግን ገዛ። ሲጨርስ ዞር ብሎ "ሽጥ እንዳትይኝ፣ ፊርማ ያስፈልጋል" አለኝ።

ለምትፈልጓት ሰዎች፣ ክፍያዋ በስራው መጠን ቁርጥ ነው፣ ምንም ፈንድ አትሸጥም፣ ከማንም ኮሚሽን እንደማትቀበል በጽሁፍ ትሰጣችኋለች፣ ጠይቋት። ስብሰባ ላይ አንዳችሁ ብቻ እያወራችሁ ከሆነ አቁማ ወደ ዝምተኛው ትዞራለች፣ እንደኔ ወሬ የሚያበዛው ትንሽ ይከፋዋል ቻሉት። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ ስልኳን እሰጣችኋለሁ። ብቻ ሁለታችሁም ሂዱ፣ ብቻዬን መጥቼ እሱን አሳምኚልኝ ያልኳት ቀን ከበር ነው የመለሰችኝ።