«ነጥብ አንድ ድረስ ያነባል» ተብሎ የተሸጠልኝ ቴርሞሜትር፦ የጫጩት ማስፈልፈያ ልትገዙ ላሰባችሁ

ደብረ ብርሃንም ሆነ በአካባቢዋ ያላችሁ፣ የጫጩት ማስፈልፈያ ማሽን ልትገዙ ካሰባችሁ ብሩን ከመቁጠራችሁ በፊት ይህቺን አንብቡ። እኔ 96 እንቁላል አስገብቼ 31 ጫጩት ነው ያወጣሁት። ከ31ዱም ግማሾቹ እግራቸው የተወላገደ፣ እምብርታቸው በደንብ ያልተዘጋ ነበር። ጎረቤቴ እማማ ደግሞ በዚያው ሰሞን አንዲት ዶሮ 12 እንቁላል አሳቅፈው 10 ጫጩት አወጡ። ያለ መብራት፣ ያለ ቴርሞሜትር። እስካሁን ባዩኝ ቁጥር ይስቁብኛል።

ማሽኑን የገዛሁት እዚሁ ከተማ ካለ አንድ ሱቅ ነው። ስሙን አልጠራም። ሳጥኑ መጥፎ አይደለም፤ አየሩን የሚያዞር ፋን አለው፣ ማሞቂያው ይሠራል። ሙቀቱ የሚስተካከለው በሚጠመዘዝ ቁልፍ ነው። ቁልፉ ላይ ግን ቁጥር የለም። ስንት ዲግሪ እንደደረሰ የምታዩት አብሮ በተሸጠው ዲጂታል ቴርሞሜትር ብቻ ነው። ትንሽ ጥቁር ነገር ናት፣ ሽቦ አላት፣ ሽቦው ጫፍ ላይ የብረት ሴንሰር አለ። የጠለፈችኝ እሷ ናት።

ሻጩ «እትዬ፣ ይቺ ነጥብ አንድ ድረስ ታነባለች፤ ደግሞ ከዜሮ በታች 50 እስከ 110 ድረስ ሁሉንም ትለካለች» አለኝ። አላታለለኝም፣ ሁለቱም እውነት ነው። ግን ሁለቱም ለኔ ሥራ ምንም አይጠቅሙም ነበር። ይህን የነገረኝ ከሰረኩ በኋላ ነው፤ የነገረኝም የእህቴ ልጅ ነው። አንድ ፋብሪካ ውስጥ ጥራት ቁጥጥር ላይ ይሠራል።

መጥቶ መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ቴርሞሜትሩ አይደለም። «አክስቴ፣ እንቁላሉ ስንት ስህተት ይችላል?» አለኝ። እኔ 37.7 መሆን እንዳለበት ነው የማውቀው። ፋን ላለው ማሽን ከ37.5 እስከ 37.8 ይመከራል። ፋን ለሌለው ሳጥን ሌላ ሂሳብ ነው፤ እዚያ እንቁላሉ አናት ላይ ሲለካ ከዚህ ከፍ ማለት አለበት። «እሺ፣ ትንሽ ይላላ እንበልና ከ37.4 እስከ 38.0 ይሁን» አለ። ማለትም ከ37.7 ወደ ላይም ወደ ታችም 0.3 ዲግሪ። ሥራው የሚፈቅደው ስህተት ይህ ነው። መለኪያ የሚመረጠው ከዚህ ተነስቶ ነው፤ እኔ ግን ያደረግሁት የተገላቢጦሹን ነው። መጀመሪያ መለኪያውን ገዛሁ፣ ከዚያ እንቁላሉን አስገባሁ።

ቀጥሎ ያለው ደንብ አስር ለአንድ ይባላል። ሥራው የሚችለውን ስህተት ለአስር አካፍሉት። መለኪያው ከዚያ በላይ መሳሳት የለበትም። የኔ 0.3 ለአስር ሲካፈል 0.03 ይሆናል። ስለዚህ በደንቡ መሠረት ከ0.03 ዲግሪ በላይ የማይሳሳት ቴርሞሜትር ያስፈልገኝ ነበር።

«የኔዋ እኮ 0.1 ታነባለች፣ ብዙም አይራራቅም» አልኩት። ሳቀ። ካርቶኑን ፈልገን አመጣን። ጀርባው ላይ በደቃቅ ጽሁፍ ሁለት ቁጥር አለ። አንዱ ሬዞሉሽን 0.1 ይላል። ሌላው ትክክለኛነት ±1 ይላል። እኔ ሁለቱ አንድ ነገር ይመስሉኝ ነበር። ሬዞሉሽን ማለት መለኪያው ሊያሳያችሁ የሚችለው ትንሹ ለውጥ ነው። ትክክለኛነት ደግሞ ከእውነተኛው ሙቀት ስንት ሊርቅ እንደሚችል ነው። 37.7 የምትል ቴርሞሜትር ±1 ካላት እውነቱ 36.7ም 38.7ም ሊሆን ይችላል። ከነጥብ በኋላ ያለችው 7 ጌጥ ናት። እንቁላሌ የሚችለው ስህተት 0.3 ነው፤ መለኪያዋ ብቻዋን 1 ትሳሳታለች። አስር ለአንድ ይቅርና አንድ ለአንድ እንኳ አልሞላችም።

ክፋቱ ደግሞ ቁጥሩ አይዋዥቅም። ሁልጊዜ ያንኑ ትላለች። ሰው የሚታለለው በዚህ ነው፤ ረግቶ የሚያነብ ነገር ትክክል ይመስላል።

ወደ ሱቁ ተመልሼ ስነግረው ሻጩ ሁለት ነገር አለኝ። አንደኛው «ካላመኑኝ ውሃ አፍልተው ይክተቷት፣ 100 ካለች ትክክል ናት» የሚል ነው። ቤት ገብቼ አፈላሁ። 90 አለች። በቃ፣ 10 ዲግሪ የምትሳሳት ቆሻሻ ሸጠልኝ ብዬ ነደድኩ። የእህቴ ልጅ ግን እዚህ ላይ በሻጩም በኔም ላይ ፈረደ፤ ሁለታችንም ተሳስተናል። ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ባሕር ጠለል ላይ ነው። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው 91 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሸዋሮቢት ብትወርዱ ወደ 96 ይጠጋል። ስለዚህ ከፍታውን ሳታስቡ በፈላ ውሃ ቴርሞሜትር አትፈትኑ። በሚቀልጥ በረዶ መፈተን ይሻላል፣ እሱ ከፍታ ብዙም አይለውጠውም። ግን ዜሮ ላይ ትክክል የሆነች ቴርሞሜትር 37 ላይም ትክክል ናት ማለት አይደለም። የኔዋ በረዶ ውስጥ የሳተችው በ0.3 ብቻ ነበር።

ሁለተኛው ነገር ደግሞ «እንግዲያው ይቺን ይቀይሩና ይህን ይውሰዱ፣ ጠንካራ ነው» ብሎ ባለ ቀስት ክብ ቴርሞሜትር አወጣ። ከ0 እስከ 120 ይላል። ጭማሪ ክፍያም ጠየቀኝ። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። ክቡ ላይ እያንዳንዷ ሰረዝ 2 ዲግሪ ናት። የኔ የተፈቀደ ክልል ከታች እስከ ላይ 0.6 ዲግሪ ነው፤ የአንዷ ሰረዝ ሲሶ እንኳ አይሞላም። እንቁላሉ ቢበስልም ቀስቱ ከቦታው አይነቃነቅም ማለት ነው። በዚያ ላይ የእንደዚህ ዓይነት መለኪያ ስህተት ብዙ ጊዜ የሚነገረው ከሙሉ ክልሉ በመቶኛ ነው። 2 በመቶ ቢባል ጥሩ ይመስላል፤ የ120 ሲሆን ግን 2.4 ዲግሪ ነው። ክልሉ ሲሰፋ ሰው ብዙ ያተረፈ ይመስለዋል። እናንተ የምትፈልጉት 37 እና 38 መካከል ያለችውን ጠባብ ቦታ ነው። የቀረው 119 ዲግሪ ምን ያደርግላችኋል?

ታዲያ ጠባብ ክልል ያለው ቴርሞሜትር የት ይገኛል? እያንዳንዱ ፋርማሲ ውስጥ። የሰው ትኩሳት መለኪያው። ከ32 እስከ 42 ዲግሪ አካባቢ ብቻ ነው የሚያነበው፤ ለዚያ የተሠራ ስለሆነም በእንቁላሉ ሙቀት አካባቢ የሚፈቀድለት ስህተት 0.1 ገደማ ነው። ዋጋውም ከዚያች ጥቁር ነገር ብዙም አይበልጥም። ግን ማሽኑ ውስጥ አስቀምጣችሁ የምትከታተሉበት አይደለም። ከፍተኛውን ሙቀት ይይዝና ይቀራል፣ ሲወርድ አይከተልም። ስለዚህ ጥቁሯን መፈተኛ አደረግነው።

እንዲህ ነው የሠራነው። ፔርሙዝ ውስጥ ለብ ያለ ውሃ አደረግን። መጀመሪያ በጥቁሯ ለክተን ከ40 በታች መሆኑን አረጋገጥን፤ ከ42 በላይ የትኩሳት መለኪያውን ሊያበላሸው ይችላል። የሁለቱን ጫፍ በላስቲክ አንድ ላይ አሰርናቸው። ውሃውን እያማሰልን አምስት ደቂቃ ጠበቅን። የትኩሳት መለኪያው 38.0 አለ፣ ጥቁሯ 36.9። አጥፍተን አበራነው፣ ትንሽ ቀዝቀዝ ሲል ደግመን አየን፤ 37.9 እና 36.8። ለሦስተኛ ጊዜ 37.8 እና 36.7። ከጎረቤት ሌላ የትኩሳት መለኪያ ተውሰን ብናመጣ እሱም ከመጀመሪያው በ0.1 እንኳ አልተለየም።

ጥቁሯ በ1.1 ዲግሪ ታሳንሳለች። እኔ በሷ 37.7 ብዬ ስጠብቅ እንቁላሎቹ 38.8 ውስጥ ነበሩ። ሁሉ ነገር ተገለጠልኝ። ለዚያ ነው በ21ኛው ቀን መውጣት ሲገባቸው በ19ኛው ቀን ማታ ቅርፊት መስበር የጀመሩት። ሙቀት ሲበዛ ቀድመው ይወጣሉ፣ ብዙው ደግሞ ቅርፊቱ ውስጥ ይሞታል። ሙቀት ሲያንስ በተቃራኒው ቀኑ ይገፋል። ማሽን ያላችሁ ሰዎች መጀመሪያ የሚነግራችሁ የቀኑ ቁጥር ነው፤ አንድ ቀን ቀድሞ ከጀመረ ቴርሞሜትራችሁን ጠርጥሩ።

አሁን ጥቁሯን አልጣልኳትም። 36.6 ስትል እውነቱ 37.7 ነው። ግን ይህን እርማት ያመጣው የትኩሳት መለኪያ ራሱ 0.1 ይሳሳታል፣ የጥቁሯም የመጨረሻ ቁጥር ትንሽ ትጨምርበታለች። ሁለቱን ደምሬ 0.2 ያዝኩ። አስር ለአንድ አልደረስኩም። የመለኪያ ቤተ ሙከራዎችም ሁልጊዜ አይደርሱም፤ አራት ለአንድ የሚቀበሉ ብዙ ናቸው። እኔ አራት ለአንድም የለኝም። እንዲህ ሲሆን መድኃኒቱ ክልሉን ማጥበብ ነው። ከ37.4 እስከ 38.0 ከሚለው ከሁለቱም ጫፍ 0.2 ቀነስኩ። ቀሪው ከ37.6 እስከ 37.8 ነው፤ በጥቁሯ ሲነበብ ከ36.5 እስከ 36.7። ከዚያ ከወጣች ቁልፉን እነካለሁ። ይህ እርማት የሚሠራው በዚህ ሙቀት አካባቢ ብቻ ነው፤ ባትሪ ስቀይርና አዲስ እንቁላል ሳስገባ በፔርሙዙ እንደገና እፈትሻታለሁ።

በሁለተኛው ዙር ከ96ቱ 64 ወጡ፣ በ21ኛው ቀን። የቀረውን በሙቀት አላሳብብም። ከፍታው ራሱ ኦክስጅን ስለሚያሳንስ ደጋ ላይ መፈልፈል ይከብዳል፣ የእንቁላሉም ጥራት አለ።

ሱቁ ያንኑ ማሽን ከዚያችው ጥቁር ቴርሞሜትር ጋር አሁንም ይሸጣል። ብትገዙም ካርቶኑን ገልብጡና ±1 የምትለዋን ፈልጉ። ካርቶን የለም ካሏችሁ ዋጋውን ተከራከሩና የትኩሳት መለኪያ በተረፈው ግዙ። እኔ ማሽኑ በር ላይ በፕላስተር «36.6» ብዬ ለጥፌያለሁ። እማማ ባለፈው አይተው «ልጄ፣ ቁጥሩን ተሳስተሽ ነው የጻፍሽው» አሉኝ።