ከምላጭ የገላገለችኝ ልጅ

ይሄን የምጽፈው የእግሬን ፀጉር የምታነሳልኝን አንዲት ልጅ ለማመስገን ነው። ስሟን እዚህ አልጠራም፣ እሷም አትወድም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሷን አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ።

ቆዳዬ ቶሎ የሚቆጣ ነው። ሳሙና ስቀይር እንኳን ያሳክከኛል። እግሬን ለዓመታት በምላጭ ነበር የምላጨው። ርካሽ ነው፣ አያምም፣ ሥራው ቶሎ ያልቃል። ግን በሁለተኛው ቀን ይሻክርና እንደገና እላጫለሁ፣ ቆዳው ዕረፍት አያገኝም። ፀጉሬ ደግሞ ጥቅልል ነው። ሲቆረጥ ጫፉ ይሾልና፣ ሲያድግ ታጥፎ ተመልሶ ቆዳዬ ውስጥ ይገባል። እዚያው ያብጣል፣ ሽፍ ይላል፣ ሲድን ጥቁር ነጥብ ትቶልኝ ይሄዳል። ጠይም ቆዳ ላይ ያ ነጥብ ለወራት አይለቅም። (ምላጭ ፀጉር ያበዛል የሚባለው ግን ውሸት ነው። ወፍራም ወገቡ ላይ ስለሚቆረጥ ነው ወፍሮ የሚመስለው።)

አምና የአክስቴ ልጅ ስታገባ ዋክስ ልሞክር ብዬ አንድ ቤት ገባሁ። አንዲት ሠራተኛ ትኩስ ዋክስ ቀባችኝ፣ ጨርቅ ለጠፈች፣ ከፀጉሩ አበቃቀል በተቃራኒ መንጭቃ አነሳችው። ፀጉሩ ተነሳ፣ ከላዩ ያለው ስስ ቆዳም አብሮ ተነሳ። ሰርጉንም መልሱንም በረጅም ቀሚስ አሳለፍኩት። ዋክስ ቆዳውንም ጭምር ይይዛል፣ ብዙዎቹም ውስጥ አንዳንድ ቆዳ የማይቀበለው የዛፍ ሙጫ አለ። ይሄን ያወቅኩት በኋላ ነው።

ከዚያ ነው ይቺ ልጅ የተጠቆመችልኝ። ቤሩት ስትሠራ ነው ሀላዋ የተማረችው። ሀላዋ ማለት ስኳር፣ ሎሚና ውሃ ብቻ ነው፤ ማር መልክ እስኪይዝ ተፈልቶ ይቀዘቅዛል። የሄድኩ ቀን ሁሉንም ትሠራልኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ከባቴ ጀርባ መዳፍ የምታክል ቦታ ብቻ አንስታ፣ «ከሁለት ቀን በኋላ ነይ፣ እንየው» አለችኝ። ብር አልተቀበለችም። እኔ ያመንኳት ያኔ ነው።

ሁለት ቀን ቆይቼ ስመለስ ቆዳው ደህና ነበር። ፀጉሩን ግን አይታ እንደገና መለሰችኝ። ግማሽ ሳንቲሜትር ያህል መድረስ አለበት፣ ያለዚያ ሀላዋው አይይዘውም፣ መሀል ላይ ይበጠስና መልሶ ወደ ውስጥ ይበቅላል። ሁለት ሳምንት ያህል በሱሪ ከረምኩ። የዚህ ነገር ትልቁ ጣጣው ይሄ ነው።

ሥራውን ስትጀምር እግሬን አጥባ አደረቀችና ዱቄት ነሰነሰችበት። ከሀላዋው የሎሚ ፍሬ የምታክል ቆንጥራ እየጎተተች እያጠፈች፣ ቡናማው ወደ ነጣ ያለ ወርቃማ እስኪለወጥ አሸችው። ለብ ያለ ነው፣ አያቃጥልም። በግራ እጇ ቆዳዬን ወጥራ ይዛ፣ ከአበቃቀሉ በተቃራኒ ለጥፋ፣ ፀጉሩ በሚተኛበት አቅጣጫ ቆዳውን ታክካ ፈጥና ትስበዋለች። ወደ ላይ አትመነጭቅም። ልዩነቱ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ፀጉሩ በበቀለበት መንገድ ስለሚወጣ ብዙም አይበጠስም። አያምም ወይ? ያማል፣ በተለይ ቁርጭምጭሚት አካባቢ። ግን እንደ ዋክሱ ቆዳዬ አይላጥም። የተረፈው ለብ ባለ ውሃ ይታጠባል።

ግራ እግሬ ላይ ያልዳነ የምላጭ ቁስል ነበረኝ። ብለምናትም እሱን ዘለለችው። ከጎኔ የነበረችውን ልጅ ደግሞ ለብጉር የምትውጠው ኪኒን እንዳለ ጠይቃ፣ አለ ስትላት «እሱን እየወሰድሽ አልነካሽም፣ ቆዳ ያሳሳል። መጀመሪያ ሐኪምሽን ጠይቂ» ብላ ሸኘቻት። ገንዘብ የሚመልስ ባለሙያ ስንቱ ነው?

«በክር ብታነሺልኝስ?» ብዬ ጠይቄያት ነበር። ቅንድቤን የምታነሳልኝ በክር ነው፣ እጇ ቀጥ ያለ ነው። ሳቀችብኝ። «የኔ እህት፣ እግርሽን በክር ብጀምረው ፋሲካ ይደርሳል!» ክር ለትንሽ ቦታ ነው። ሰፊ ቦታ ላይ ቆዳውን ደጋግሞ እየፈተገ ያስቆጣዋል።

ያን ቀን ሙቅ ሻወር፣ ሽቶ ያለው ቅባትና ጠባብ ሱሪ ከለከለችኝ። ማታ ትንንሽ ቀይ ነጥቦች ነበሩ፣ በማግስቱ ጠፉ። ከሦስት ቀን በኋላ በለስላሳ ጨርቅ ቀስ ብዬ ማሸት ጀመርኩ። አንድ ወር ሊሞላ ሲል ፀጉሩ ተመልሶ ወጣ፣ ሳስቶ። ወደ ውስጥ የበቀሉ ሦስት አገኘሁ። በምላጭ ጊዜ መቁጠር ትቼ ነበር።

ዋጋዋ ከዋክስ ትንሽ ከፍ ይላል፣ እጇም ዝግ ያለ ነው፣ ለሁለት እግር አንድ ሰዓት ያዙ። ጠዋት ሂዱ። ከሰዓት ሙቀቱ ሀላዋውን ያቀልጥባትና መነጫነጭ ትጀምራለች።