የኤርፖድስ ፕሮ ፎቶ አይታችሁ ብር አትላኩ

በቴሌግራም ኤርፖድስ ፕሮ ልትገዙ ካሰባችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ። እኔ ባለፈው ወር በ21,500 ብር ኮፒ ገዝቻለሁ። የገዛሁት ግን ዝም ብዬ አይደለም። አስራ አራት ፎቶ አስልኬ፣ አንድ በአንድ ከኦርጅናሉ ፎቶ ጋር አስተያይቼ ነው። ሁሉም ልክ ነበር። የምጽፈውም ለዚህ ነው።

እቃው ለእህቴ የምረቃ ስጦታ ነበር። እሷ አይፎን ትይዛለች፣ እኔ ሳምሰንግ። ይህ ልዩነት ኋላ ላይ ዋጋ አስከፍሎኛል። ሻጩ «ኤርፖድስ ፕሮ 2፣ ባለ ዩኤስቢ ሲ፣ ለማየት ብቻ የተከፈተ» ብሎ ነው የለጠፈው። ሱቅ ስጠይቅ ከ30 ሺህ ብር በላይ ነበር። ለምን እንደረከሰ ስጠይቀው «ዘመድ ከዱባይ በሻንጣ ይዞት መጥቶ ነው» አለኝ። አፕል እዚህ አገር የራሱ ሱቅ ስለሌለው በሻንጣ የሚገባ እቃ ብዙ ነው። ወሬው ምንም አላስጠረጠረኝም።

የላከልኝን ፎቶ ሳየው አመሸሁ። ከኬዙ ጀርባ ያለውን ደብዛዛ ግራጫ ጽሁፍ አየሁ፤ የፊደሉ ቅጥነትም ቦታውም ያው ነው። ከኬዙ ጎን ያለችው የማንጠልጠያ ብረት አለች። ከታች ከቻርጀሩ ቀዳዳ አጠገብ ያሉት የድምፅ ቀዳዳዎች ቁጥራቸው ልክ ነው። የጆሮው ጥቁር መረብ፣ የክዳኑ ማጠፊያ፣ ካርቶኑ፣ ሁሉም አንድ ነው። በክዳኑ ውስጥ የታተመውን ሲሪያል ቁጥር ወስጄ በአፕል ገጽ checkcoverage.apple.com ላይ አስገባሁት። «ኤርፖድስ ፕሮ» ብሎ መለሰልኝ። በዚህም አልበቃኝም። የዕለቱን ቀን ወረቀት ላይ ጽፎ ከእቃው ጋር ቪዲዮ እንዲያነሳልኝ ጠየቅኩት። በአምስት ደቂቃ ላከልኝ።

እዚህ ጋ ትንሽ ቆም እንበል። ሻጩ በፎቶ አልዋሸኝም። ከሌላ ቦታ የተወሰደ ፎቶ አልላከልኝም። ያየሁት እቃ የገዛሁት እቃ ራሱ ነው። እኛ ፎቶ የምንጠይቀው የሚደበቅ ነገር አለ ብለን ነው። የዚህ ዓይነቱ ኮፒ ግን ከላይ የሚደብቀው ነገር የለውም። ሲሠራም ዓይን የሚያየውን ሁሉ እንዲያልፍ ተደርጎ ነው። ፎቶ የሚያሳየን ደግሞ ዓይን የሚያየውን ብቻ ነው። ስለዚህ አስራ አራት ቢሆን አርባ ለውጥ የለውም።

መገናኛ አካባቢ ተገናኘን። በሳምሰንጌ ብሉቱዝ አገናኘሁት። ዘፈን ከፈትኩ፣ ድምፁ ደህና ነው። ከፈልኩ።

እህቴ ለሦስት ሳምንት ያህል ተጠቀመችበት። ባትሪው በሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ውስጥ ያልቃል። አፕል ስለዚህ ሞዴል የሚለው የውጭውን ድምፅ የሚያጠፋው ኖይዝ ካንስሌሽን ተከፍቶ እስከ ስድስት ሰዓት ነው። ታክሲ ውስጥም የሞተሩ ድምፅ እንዳለ ይገባል ትላለች። እኔ «ጆሮሽ ላይ በደንብ ስላልገባ ነው» እያልኩ አጽናናት ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ሥራ ቦታ ባልደረባዋ የራሷን አወጣች። ከዚያው ሻጭ ነው የገዛችው። ሁለቱን ኬዝ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ክዳኑን ከፈቱ። ውስጥ ያለው ሲሪያል ቁጥር አንድ ነው። ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው አንድ!

ሲሪያል ቁጥር ለአንድ እቃ ብቻ ነው የሚሰጠው። ሁለት ኬዝ ላይ አንድ ቁጥር ካለ ቢያንስ አንዱ ኮፒ ነው፤ እዚህ ጋ ሁለቱም ነበሩ። ኮፒ ሠሪው የአንድ እውነተኛ እቃ ቁጥር ወስዶ በብዙ ኬዝ ላይ ያትመዋል። የአፕል ገጽ ደግሞ የሚነግራችሁ እንዲህ ያለ ቁጥር መኖሩን ነው። ቁጥሩ እጃችሁ ላይ ያለው እቃ መሆኑን አያውቅም። እኔ «ገጹ አረጋገጠልኝ» ብዬ እፎይ ያልኩት በማይሆን ነገር ነው።

ልዩነቱን በዓይኔ ለማየት የአክስቴን ልጅ ኦርጅናል ተዋስኩ። እሷ ራሷ አሜሪካ ከአፕል ሱቅ የገዛችው ነው። ሁለቱን በቀን ብርሃን መስኮት አጠገብ አስቀምጬ ፎቶ አነሳሁና ለአምስት ጓደኞቼ ላክሁ። «የቱ ነው ኦርጅናሉ?» አልኳቸው። ሦስቱ ኮፒውን መረጡ። አንዱ የኦርጅናሉን ማጠፊያ አጉልቶ አይቶ «ይሄ ክፍተት ፌክ ነው» አለኝ። እውነተኛ እቃም ከፋብሪካ ሲወጣ ትንሽ ይለያያል፤ የስልክ ካሜራ በቅርብ ሲያነሳ ያጣምማል፤ ቴሌግራም ደግሞ ፎቶውን ያሳንሰዋል። ልዩነቱ የፀጉር ያህል ሲቀር ፎቶው ከልዩነቱ በላይ ይሳሳታል። እንዲህ ሲሆን ኮፒውን ማሳለፍ ብቻ ሳይሆን የሰው ኦርጅናልንም ፌክ ትላላችሁ።

ኢንተርኔት ላይ «ፌኩን በዚህ ለዩ» የሚሉ ቪዲዮዎችም የሚያረጁት በዚሁ ምክንያት ነው። ኮፒ ሠሪውም ያያቸዋል። ዛሬ «የፊደሉ ቀለም ይጠቁራል» ከተባለ በሚቀጥለው ዙር ቀለሙ ይስተካከላል። ለገዢ የተጻፈው ምክር ለሠሪው የእርማት ዝርዝር ይሆንለታል።

«እንግዲያው በክብደት እንለየው» የሚል አለ። እኔም ብዬ ነበር። ፒያሳ አንድ ወርቅ ቤት ገብቼ በሚዛናቸው አስመዘንኩት። አፕል ለኬዙ 50.8 ግራም፣ ለእያንዳንዱ ጆሮ 5.3 ግራም ይላል። የኔ ኬዝ ልዩነቱ ከአንድ ግራም በታች ነበር። ሉማፊልድ የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ ኦርጅናልና ኮፒ ኤርፖድስን በሲቲ ስካን አንስቶ አሳይቷል። በአንዱ ኮፒ ኬዝ ውስጥ ሌላ ሥራ የሌለው፣ እጅ ላይ ከበድ እንዲል ብቻ የገባ ክብደት ተገኝቷል። ባትሪዎቹም በኦርጅናሉ ውስጥ ካሉት የተለዩ ናቸው። ልዩነቱ ያለው እዚያ፣ ፕላስቲኩ ውስጥ ነው። እኛ ደግሞ ሲቲ ስካን የለንም።

ያለን አይፎን ነው። ስለዚህ ዋናው ምክሬ ይህ ነው፦ አይፎን ሳትይዙ ኤርፖድስ ልትገዙ አትሂዱ። የራሳችሁ ከሌለ የጓደኛ ይዛችሁ ሂዱ። በሳምሰንግ ማየት የምትችሉት ድምፅ መውጣቱን ብቻ ነው።

ክዳኑን ስትከፍቱ አይፎኑ ላይ የኤርፖድስ ሥዕል ብቅ ማለቱ እንዳያዘናጋችሁ። ኮፒውም ያን ምልክት በብሉቱዝ ይልካል። ከ iOS 16 ጀምሮ አይፎን እቃው እውነተኛ መሆኑን ማረጋገጥ እንዳልቻለ የሚናገር ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ከወጣ ወዲያው ትታችሁ ሂዱ። ካልወጣ ግን ማረጋገጫ አድርጋችሁ አትውሰዱት፤ የእህቴ ስልክ ላይ አልወጣም።

ከተገናኘ በኋላ Settings ግቡ፣ የኤርፖድሱን ስም ንኩ፣ እስከ ታች ውረዱ። About የሚል ክፍል አለ። እዚያ Serial Number የሚለውን በጣታችሁ ስትነኩት ኦርጅናሉ ተራ በተራ የኬዙን፣ የግራውንና የቀኙን ቁጥር ያሳያል። ሦስቱ የተለያዩ ናቸው። በእያንዳንዱ ጆሮ ላይ በጥቃቅን ፊደል ከታተመው ጋርም መግጠም አለባቸው። የእህቴን ስንነካው ምንም አልተለወጠም። እሱ ብቻ ይበቃን ነበር፤ አሥር ሰከንድ የሚፈጅ ሥራ ነው።

እዚያው የውስጥ ሶፍትዌሩን ቁጥር የሚያሳይ Version የሚል አለ። ኦርጅናሉ ኬዙ ውስጥ ሆኖ ቻርጅ ሲደረግ፣ አይፎኑም አጠገቡ ካለ ራሱን ያድሳል። የኛ በሦስት ሳምንት አልተንቀሳቀሰም። ነገር ግን ካርቶን ውስጥ የቆየ ኦርጅናልም መጀመሪያ ላይ አሮጌ ቁጥር ሊያሳይ ስለሚችል፣ በዚህ ብቻ ቆማችሁ ሻጭ አትወንጅሉ።

ቀጥሎ ጆሯችሁን ተጠቀሙ። ጸጥ ያለ ካፌ ውስጥ አትሞክሩት። መንገድ ዳር ውጡ፣ ሞተሩ የተነሳ ሚኒባስ ወይም ጄነሬተር አጠገብ ቁሙ። ዘፈን ሳትከፍቱ Noise Cancellation እና Transparency እያላችሁ ቀያይሩ። በኦርጅናሉ የሞተሩ ወፍራም ጉርምርምታ ጥርግ ብሎ ይሄዳል፣ ሲቀየር ደግሞ ውጭው እንደገና ይከፈታል። በኛ ኮፒ ሜኑው አለ፣ ቁልፉም ይሠራል፣ ጆሮ ውስጥ ግን የሚለወጠው ትንሽ ሹክሹክታ ነው። ይሻላሉ የሚባሉ ኮፒዎች ስላሉ የሰው ኦርጅናል አጠገብ ይዞ ማወዳደር ከሁሉም የተሻለ ነው።

«ታሽጓል፣ ከከፈትከው አይመለስም» የሚላችሁን ደግሞ ጨርሶ አትስሙት። የካርቶኑ ላስቲክና መሳቢያዋም ኮፒ ይደረጋሉ። ከላይ የነገርኳችሁ ምርመራ ሁሉ ካርቶኑ ሲከፈት ብቻ ነው የሚሠራው፤ እሱም የሚከለክላችሁ ያንን ነው። ሳይከፈት ቀብድም አትስጡ።

እኔ ሻጩን ሁለቱን ሲሪያል ጎን ለጎን አንስቼ ስልክለት «ወንድሜ፣ እኔም ከሰው ነው ያመጣሁት» አለኝ። ከዚያ ብሎክ አደረገኝ። ይኸው አስራ አራቱ ፎቶዎች አሁንም ቻናሉ ላይ አሉ። በዚህ ሁለት ወር ውስጥ መገናኛ አካባቢ በአካል ተገናኝታችሁ ኤርፖድስ ፕሮ 2 የገዛችሁ ካላችሁ ክዳኑን ከፍታችሁ የቁጥሩን የመጨረሻ አራት ፊደልና አሃዝ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። እስካሁን አንድ ዓይነት ቁጥር ያለን ሦስት ሰዎች ተገኝተናል። ደረሰኝና የክፍያ ማስረጃችንን ይዘን አብረን ለማመልከት እየተዘጋጀን ነው።